ጣሳው ላይ «2» ይታየኛል፤ ለአራት ወር ልጅ ይሆናል?

አክስት_ለማሙሽ

ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ ትናንት ማታ ሆስፒታል ገብታለች፤ ለጥቂት ቀን ትቆያለች ተብለናል። የአራት ወር ልጇ እኔ ጋ ነው። እስከ አሁን ጡት ነበር የሚጠባው። የዱቄት ወተት የምትጨምርለት አልፎ አልፎ ብቻ ነው። አሁን ሙሉ በሙሉ በጡጦ ሆነ።

ቤት ያለው ጣሳ ወደ ማለቁ ነው። አንድ ዘመዳችን «ያው እሱ ነው» ብሎ አዲስ ጣሳ አመጣልኝ። ቀለሙ ይመሳሰላል፣ «ጎልድ» የሚለውም አለበት። ጽሑፉ ግን እኔ በማላውቀው ቋንቋ ነው። የማነበው ቁጥሩን ብቻ ነው። በግራ በኩል ጠርዝ ላይ «2» እና የመደመር ምልክት ይታየኛል።

ፎቶውን ለጥፌያለሁ። ይሄ ከድሮው ጋር አንድ ነው? ለአራት ወር ልጅ ይሆናል? ቀኑስ አላለፈም? ልጁ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይነሳል። እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

[ፎቶ 1፦ የጣሳው ፊት፣ በእጅ ተይዞ]

---

የሁለት_እናት

አይዞሽ እህቴ፣ እህትሽንም እግዚአብሔር ይማርልሽ። 2 ማለት ሁለተኛ ደረጃ ነው። 1 ከልደት እስከ ስድስት ወር፣ 2 ከስድስት ወር በላይ፣ 3 ከዓመት በላይ። አብዛኞቹ እንደዚህ ናቸው።

ልዩነቱ ግን ያን ያህል አይደለም። እኔ ለሁለተኛዋ ልጄ አምስት ወር ላይ ነው 2ን የጀመርኩላት፤ ምንም አልሆነችም። ውሃውን ትንሽ በዛ አድርገሽ ቀጠን ብታደርጊለት ይበቃል። ጎልድ ደግሞ ጥሩ ብራንድ ነው።

---

ሲስተር_ከጨቅላ_ክፍል

እህቴ፣ ከአዲሱ ጣሳ እስካሁን ካልሰጠሽው አትስጪው። የድሮው ጣሳ ላንድ ጡጦ የሚሆን ካለው ለአሁኑ ከሱ አዘጋጂለት። ከዚያ ተረጋግተን እናየዋለን።

የሁለት እናት የደረጃውን ነገር በአብዛኛው ትክክል ብላለች። ማቅጠኑን ግን እባካችሁ ማንም እንዳያደርገው። ሁለተኛ ደረጃ ወተት ውሃ ሲጨመርበት አንደኛ ደረጃ አይሆንም። በውስጡ ያለው የፕሮቲን፣ የብረትና የጨው ምጣኔ እንዳለ ነው። ልጁ የሚያገኘው ጉልበት ነው የሚቀንሰው። ውሃው ከበዛ ደግሞ በደሙ ያለው ሶዲየም ይወርዳል፤ በዚህ የተነሳ የሚንቀጠቀጥ ሕፃን ክፍላችን ገብቶ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ፎቶው። ከዚህ ፎቶ የማየውንና የማላየውን ልንገርሽ።

«ጎልድ» ስሙ አይደለም። ብዙ ድርጅቶች አንዱን የምርት ዓይነታቸውን ጎልድ ይሉታል። ስሙ ከሱ በላይ በትንሹ የተጻፈው ነው። እህትሽ የምትጠቀምበት ጣሳ ላይም ያንኑ ፈልጊ፤ ፊደል በፊደል አመሳክሪው። ቋንቋውን ባታውቂም ቅርጹ ይታያል። ስሙ ውስጥ ቁጥር ካለም እንዳያሳስትሽ። ለምሳሌ ኤስ-26 የሚባለው ላይ 26 የስሙ አካል ነው፤ ዕድሜ አይደለም፣ ደረጃም አይደለም።

ያስጨነቀኝ «2» ያልሽው ነው። ጣሳው ክብ ነው፤ ቁጥሩ ያለው ደግሞ በግራ ጠርዝ ላይ ነው። ከሱ በስተግራ ያለ ነገር ካለ ወደ ኋላ ዞሯል፣ ፎቶው አላገኘውም። የደረጃ ቁጥር ብቻውን ሲሆን የመደመር ምልክት ብዙ ጊዜ አይከተለውም። የመደመር ምልክት የሚከተለው የወር ቁጥር ነው። ስለዚህ «12+» ሊሆን ይችላል ብዬ ፈርቻለሁ። አውራ ጣትሽም ከታች በኩል አንድ ትልቅ ክብ ነገር ሸፍኗል።

ሦስት ፎቶ ጨምሪልኝ። ጣሳውን ትንሽ ወደ ቀኝ አዙረሽ ያንን ቁጥር መሀል ላይ አድርጊና አንሺው። ሁለተኛ፣ ቀኑ ያለበትን የጣሳውን ቂጥ። ሦስተኛ፣ ከጎን ወይም ከጀርባ ያለውን ሠንጠረዥ፤ የጡጦና የማንኪያ ሥዕል ያለበትን። የድሮውን ጣሳም እንዲሁ።

---

ፎቶ_አንሺው

ስለ ልጅ ብዙ አላውቅም፤ ስለ ፎቶ ግን ልርዳ። ፍላሽ አጥፊ። ቆርቆሮ ላይ ፍላሽ ሲያርፍ ቁጥሩ ነጭ ሆኖ ይጠፋል። መስኮት አጠገብ ሂጂና ብርሃኑ ከጎን ይምታው። ስልኩን ጣሳው ላይ አታስጠጊው፤ ትንሽ ራቂና ስክሪኑ ላይ ቁጥሩን ነክተሽ ጥራቱን ጠብቂ፣ ከዚያ አንሺ። በፊት ለፊት ካሜራ አታንሺ፤ አንዳንድ ስልክ ገልብጦ ያስቀምጠዋል።

ቀኑ የሚታተመው በነጠብጣብ ነው። 3፣ 6፣ 8 እና 0 በነጠብጣብ ሲጻፉ ፎቶ ላይ ይምታታሉ። ሁለት ሦስት ጊዜ አንሺው፣ በየጊዜው ጣሳውን ትንሽ እያዘነበልሽ። የተከፈተው ጣሳ ክዳኑ መገጠሙን አረጋግጪና ነው ምትገለብጪው።

---

አያት_ነኝ

ልጄ፣ የኛም የልጅ ልጅ እንዲሁ ሆኖ ነበር። ገንፎውን ስንሰጠው ያስመልሰው ነበር። በኋላ ስናይ ካርቶኑ ላይ ስምንት ወር ይላል፣ ልጁ ስድስት ወሩ ነው። ጥራጥሬው ከብዶት ነው። ወደ ሩዙ ስንመልሰው ተሻለው። አንቺም ወደ ሩዙ መልሺው።

---

ሲስተር_ከጨቅላ_ክፍል

አባባ፣ ስላካፈሉን እናመሰግናለን። የሷ ግን ወተት ነው፤ ልጁም ገና አራት ወሩ ነው። የሩዝም ሆነ ሌላ ገንፎ አሁን አይሰጠውም። እርስዎ ያሉት ግን አንድ ነገር ያስታውሰናል። ካርቶኑ ላይ ያለውን ወር ያዩት ልጁ ካስመለሰ በኋላ ነው። እሷ ቀድማ ጠይቃለች።

---

አክስት_ለማሙሽ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጁ ተነስቶ ከድሮው ጣሳ ሰጥቼው ተኝቷል።

ሲስተር፣ ልክ ነዎት። አዙሬ ሳየው 12 ነው። አንዱ ወደ ጎን ዞሮ ነበር። ጣቴ የሸፈነው ደግሞ ትልቅ 3 ነው። ስሙን ፊደል በፊደል አመሳከርኩት፤ ከድሮው ጋር አንድ ነው። የድሮው ግን 1 ይላል። እኔ ቀለሙን አይቼ ነው። አጠገብ ለአጠገብ ሳደርጋቸው ወርቃማው ክር እንኳ ይለያያል።

የአዲሱ ጣሳ ቂጥ ላይ ያለው ይሄ ነው፤ እንዳለ ገልብጬዋለሁ፦

```
MFG 07.03.2025
EXP 07.09.2026
LOT 5066
```

የድሮው ላይ ደግሞ የሚነበበው አንድ መስመር ብቻ ነው፦

```
EXP 11 2026
```

ቀኑስ ደህና ነው አይደል? ቢያንስ ቀኑ ካላለፈ አዲሱን ለአንድ ሁለት ቀን ብሰጠውስ? በጣም ነው የደከመኝ።

---

ሲስተር_ከጨቅላ_ክፍል

ምን ያህል እንደደከመሽ አውቃለሁ አልልሽም፤ ሌሊቱን ሙሉ ብቻሽን ነው ያለሽው። ግን አይሆንም። ቀኑ ስላላለፈ ዕድሜው ይስማማል ማለት አይደለም። ሁለቱ የተለያየ ጥያቄ ናቸው።

ከ12 ወር በላይ የሚለው ወተት የተሠራው ሌላ ምግብ ለሚበላ ልጅ ነው። አምራቹ የቀረውን ነገር ልጁ ከማዕድ ያገኘዋል ብሎ ነው የቀመመው። የአንቺ ማሙሽ ግን ከዚህ ጡጦ ሌላ ምንም የለውም። የሚጎድለውን የሚሞላለት፣ የሚበዛበትን የሚያመጣጥንለት ሌላ ምግብ የለም። ኩላሊቱም ገና ብዙ ፕሮቲንና ጨው የማስወገድ አቅም የለውም። አንዳንዶቹ ላይ ስኳርና ቫኒላም ይጨመራል። ጣሳውን ለዘመዳችሁ መልሺው፤ የዓመት ልጅ ያለው ይጠቀምበት።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የድሮው ጣሳ መቼ ነው የተከፈተው? ጡት ለሚጠባ ልጅ አልፎ አልፎ ከሆነ የምትጨምርለት፣ ከተከፈተ ቆይቶ ይሆናል። እግረ መንገድሽን፣ እህትሽ ያለችበት ሁኔታ ከፈቀደላት ወተቷን አልባ መላክ ትችል እንደሆነ ሐኪሞቿን ጠይቂልኝ።

---

ፋርማሲስቱ

ስለ ቀኑ እኔ ልጨምር። 07.09.2026 ሲባል መስከረም 7 ነው ወይስ ሐምሌ 9? ሰው ሁሉ እዚህ ጋ ይሳሳታል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው፤ 7 ወሩ ነው ወይስ ቀኑ? ከ12 የሚበልጥ ቁጥር ቢኖረው በቀላሉ ይለይ ነበር፤ እዚህ ግን የለም።

እኔ የማደርገው ከተመረተበት ቀን ጋር ማስተያየት ነው። መጀመሪያ ያለው 7 ቀን ከሆነ፣ ወተቱ የተመረተው በሦስተኛው ወር በ7ኛው ቀን 2025 ነው፤ የሚያበቃው በዘጠነኛው ወር በ7ኛው ቀን 2026። ልዩነቱ ልክ 18 ወር ነው። 7 ወር ከሆነ ግን፣ በሰባተኛው ወር በ3ኛው ቀን ተመርቶ በቀጣዩ ዓመት በሰባተኛው ወር በ9ኛው ቀን ያበቃል። ዓመት ከስድስት ቀን ማለት ነው። አምራች ዓመት ከስድስት ቀን ብሎ አይሰጥም፤ የሚሰጠው በሙሉ ወር ነው። ስለዚህ ቀኑ ነው የሚቀድመው። የተመረተበት ቀን ባይኖርና ባትለይው፣ ቀድሞ የሚደርሰውን ቀን ያዢ።

የድሮው ላይ ወርና ዓመት ብቻ ነው ያለው። እንዲህ ሲሆን እስከዚያ ወር መጨረሻ ድረስ ማለት ነው።

ይሄ ሁሉ ግን ላልተከፈተ ጣሳ ነው። የሲስተር ጥያቄ ይቅደም።

---

የሁለት_እናት

ስለ ማቅጠኑ ተሳስቻለሁ፤ ሲስተር አመሰግናለሁ። ያን ጊዜ ማንም አልነገረኝም ነበር።

ስለ ቀኑ ግን አንድ ልጠይቅ። እኔ አንድ ጊዜ ካለፈ ሦስት ሳምንት የሆነውን ሳላውቅ ሰጥቻለሁ። ሽታውም ጣዕሙም ደህና ነበር። ዱቄት ደረቅ ነገር ነው፣ ምን ይሆናል?

---

ፋርማሲስቱ

ስላልታመመች ደስ ይለኛል። በሦስት ሳምንት ወተቱ ወደ መርዝ አይለወጥም፤ ያንን አልልሽም። ነገሩ ሌላ ነው።

ዱቄቱ ውስጥ ያሉት ቫይታሚኖች ጣሳው ተዘግቶም ቀስ በቀስ ይቀንሳሉ። ቫይታሚን ሲ ከቀዳሚዎቹ ነው። ቅባቱም ከአየር ጋር ቀስ እያለ ይበላሻል። አምራቹ ቀኑን የሚያስቀምጠው «እስከዚህ ድረስ ጣሳው ላይ የጻፍኩት መጠን በውስጡ አለ፣ ሲበጠበጥም በጡጦው ጫፍ በደንብ ያልፋል» ብሎ ነው። ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንደቀረ የሚያውቅልሽ የለም። አንቺና እኔ ቫይታሚን የጎደለው ነገር ብንበላ እራት ላይ እናካክሰዋለን። ጡጦ ብቻ የሚመገብ ልጅ ቁርሱም እራቱም ያው ነው። ጉድለቱ በየቀኑ ስምንት ጊዜ ይደገማል። ሽታ ደግሞ ቫይታሚን አይለካም።

---

አክስት_ለማሙሽ

እህቴን በስልክ አገኘኋት። ከከፈተችው አምስት ሳምንት አልፏል አለችኝ። ወተቷን ማለብ አሁን አትችልም፤ የሚሰጧት መድኃኒት አይፈቅድም ብለዋታል፤ ሲጨርሱ እንነግርሻለን ብለዋታል።

ጣሳው ላይ እስከ 11ኛው ወር 2026 ይላል። አሁን እሱም አይሆንም ማለት ነው?

---

ሲስተር_ከጨቅላ_ክፍል

አዎ፣ ይቅር። ክዳኑ ከተከፈተ በኋላ የሚቆጠረው ሌላ ቀን ነው። አብዛኞቹ ጣሳዎች አራት ሳምንት ይላሉ፣ ሦስት የሚሉም አሉ። ጎኑ ላይ ተጽፎ ታገኚዋለሽ። በተከፈተ ቁጥር እርጥበትና አየር ይገባል፤ ማንኪያውም ከእጅ ወደ ዱቄት ይመላለሳል። ጡጦ ብቻ ለሚመገብ ልጅ ይሄ ችግር አይደርስም፤ ጣሳው ያን ያህል አይቆይም። እንደናንተ አልፎ አልፎ ለሚሰጡት ነው የሚያጋጥመው።

አዲስ ሲገዛልሽ የሚታየው «ከልደት ጀምሮ» ወይም «0» ከሚለው የሚጀምር መሆኑ ነው። ብራንዱ ሌላ ቢሆን፣ ጤነኛ ለሆነ ልጅ ብዙ አያሳስብም። ሐኪም ያዘዘለት የተለየ ወተት ከሆነ ግን ሳትጠይቂ አትለውጪ።

---

ባሕር_ማዶ

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልጨምር። ቁጥሩን ብቻ አትመኑ። እኔ በጀርመን የሚሸጠውን ነው የምጠቀመው። እዚያ «ፕሬ» የሚል አለ፣ ከልደት ጀምሮ። «1»ም ከልደት ጀምሮ ነው። «3» ደግሞ ዓመት ሳይሞላ ከ10ኛው ወር በኋላ ይላል። ሌላ አገር ያለች እህቴ 3 ስትሰማ ዓመት የሞላው ነው የመሰላት። አንዳንዱ ብራንድ ደግሞ ደረጃውን በቃል ጭምር ይለያል። ኤስ-26ን ብትወስዱ ሁለተኛው ደረጃ ፕሮሚል፣ ሦስተኛው ፕሮግረስ ይባላል። ፎቶ ላይ 1፣ 2፣ 3 ባይታይም ቃሉ ይነግራችኋል። ዞሮ ዞሮ ወሩን ፈልጉ።

---

አክስት_ለማሙሽ

ተገዛልኝ። ሌላ ብራንድ ነው፤ 1 ይላል፣ «0-6»ም በግልጽ አለው። ቀኑ ሩቅ ነው። አሁን ሰጥቼው ጨረሰ። 120 ሚሊ ውሃ፣ እንደ ሁልጊዜው አራት ማንኪያ። ወፈር ብሎ ታየኝ፣ አዲስ ስለሆነ ነው ብዬ።

[ፎቶ 5፦ የአዲሱ ጣሳ ፊት፤ ፎቶ 6፦ ጀርባው]

---

ሲስተር_ከጨቅላ_ክፍል

እህቴ፣ ፎቶ 6 ላይ ሠንጠረዡን አየሁት። የመጀመሪያው መስመር 60 ሚሊ ውሃ፣ 1 ማንኪያ ይላል። ለ120 ሚሊ 2 ማንኪያ ነው። የተጠቀምሽው ማንኪያ ከአዲሱ ጣሳ ውስጥ የወጣው ነው ወይስ የድሮው?

---

አክስት_ለማሙሽ

ከአዲሱ ውስጥ የወጣው። ወይኔ። የድሮው ላይ 30 ሚሊ፣ አንድ ነበር። እኔ አራት የለመድኩት ከሱ ነው። ምን አደረግኩት?

---

ሲስተር_ከጨቅላ_ክፍል

አንብቢኝ ቀስ ብለሽ። እጥፍ ወፍሮ ነው የጠጣው። የድሮው ማንኪያ አራት ግራም ተኩል ገደማ ይይዛል፣ ይሄኛው ዘጠኝ ገደማ። 18 ግራም ያህል መግባት ሲገባው 36 ገብቷል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሆነው፤ ብዙውን ጊዜ ሕፃን ይህን ይቋቋመዋል። የሚጎዳው ለቀናት ሲደጋገም ነው፤ ጨዉ በደም ውስጥ ይከማቻል፣ ልጁ ከውስጥ ይደርቃል።

የተረፈ ካለ ድፊው። «ላቅጥንለት» ብለሽ ባዶ ውሃ አትስጪው። የሚቀጥለውን ጡጦ በሰዓቱ በትክክለኛው መጠን ስጪው። አሁኑኑ ደግሞ ቅርብሽ ያለ ጤና ተቋም ደውለሽ ወይም ይዘሽው ሄደሽ የሆነውን ንገሪያቸው። እኔ በስልክ ልጁን አላየውም፤ እነሱ ያዩታል። ስትሄጂ ጣሳውን ከነማንኪያው ያዢ።

እስከዚያ የምታይው ዳይፐሩን ነው። ሽንቱ ከቀነሰ፣ ካስመለሰ፣ ካተኮሰው፣ ያለማቋረጥ ከተነጫነጨ ወይም ለመቀስቀስ ካስቸገረሽ፣ ስልኩን ትተሽ በቀጥታ ሂጂ።

---

የሁለት_እናት

እህቴ ጸሎቴ ካንቺ ጋ ነው። ራስሽን አትውቀሺ። እኔ ማንኪያ ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር። የጠፋብኝን ማንኪያ በሌላ ጣሳ ማንኪያ ተክቼ ስንት ጊዜ ሰጥቻለሁ።

---

ፋርማሲስቱ

የሁለት እናት የተናገረችው ሌላኛው መንገድ ነው። ትንሹን ማንኪያ በ60 ሚሊ ጣሳ ውስጥ ብታስገቢው ግማሽ ቀጥኖ ይወጣል። ልጁ ሆዱ ይሞላል፣ ጉልበት ግን አያገኝም፤ ለሳምንታት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። ክብደቱ ሲቆም ነው የሚታወቀው። ጣሳ ሲያልቅ ማንኪያውም አብሮት ይጣል።

ቅደም ተከተሉንም ሠንጠረዡ ላይ እዩት። አብዛኞቹ ውሃው ይቅደም ይላሉ። ዱቄቱ ቀድሞ ገብቶ እስከ 120 መስመር ውሃ ከተሞላ፣ ዱቄቱ የያዘውን ቦታ ያህል ውሃው ይጎድላል። ማንኪያውም ሳይጠቀጠቅ በቢላዋ ጀርባ ይለካ።

---

ባሕር_ማዶ

ሲስተር፣ አንድ ነገር ሁልጊዜ ግራ ይገባኛል። የኔ ጣሳ ውሃው ፈልቶ ለብ እስኪል ይቀዝቅዝ ይላል። ሐኪሜ ደግሞ 70 ዲግሪ በታች እንዳይሆን አለችኝ። የጣሳው መመሪያ ይከበር እያልን፣ የትኛውን ነው የማከብረው?

---

ሲስተር_ከጨቅላ_ክፍል

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በዚህ ላይ ሁሉም አይስማሙም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ያወጣው መመሪያ ውሃው ከ70 ዲግሪ በታች እንዳይወርድ ይላል። ምክንያቱ ዱቄቱ ራሱ ከጀርም የጸዳ አለመሆኑ ነው። ክሮኖባክተር የሚባል ባክቴሪያ በዱቄቱ ውስጥ ሊኖር ይችላል። በጣም አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው፤ ትንንሽ ሕፃናትን ሲይዝ ግን ማጅራት ገትር ድረስ ያደርሳል። ሙቁ ውሃ የሚገድለው እሱን ነው። አንድ ሊትር ውሃ አፍልተሽ ከግማሽ ሰዓት በላይ ካላቆየሽው 70 አካባቢ ታገኚዋለሽ። ከዚያ ጡጦውን ዘግተሽ በቀዝቃዛ ውሃ ሥር ታበርጂዋለሽ፤ ክንድሽ ላይ ጠብ አድርገሽ ትሞክሪዋለሽ።

አምራቾቹ በበኩላቸው ሙቀት አንዳንድ ቫይታሚኖችንና የሚጨምሯቸውን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይጎዳል ይላሉ። እሱም ውሸት አይደለም። እኔ ክፍሌ ውስጥ ያለጊዜው ለተወለዱ፣ ሁለት ወር ላልሞላቸውና የመከላከል አቅማቸው ለደከመ 70ውን ነው የምይዘው፤ አልደራደርም። ለተቀሩት ከሐኪማችሁ ጋ ተነጋገሩ። የማንኪያውና የውሃው መጠን ግን የጣሳው ነው፤ እዚያ ላይ ሐኪም ካላዘዘ ማንም አይነካውም።

---

ፋርማሲስቱ

በዚህ እኔ ከሲስተር ትንሽ እለያለሁ። ቤት ውስጥ 70 ዲግሪን ያለ ቴርሞሜትር የሚለካ የለም፤ ሳይበርድ ተሰጥቶ የተቃጠለ አፍ አይቻለሁ። ለጤነኛ፣ ከፍ ላለ ልጅ የጣሳውን መመሪያ ተከትሎ ወዲያው መስጠት ይሻላል ባይ ነኝ። ተዘጋጅቶ በክፍል ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየ እንዲደፋ ግን ሁለታችንም እንስማማለን።

---

ሲስተር_ከጨቅላ_ክፍል

እሱስ ልክ ነህ። ስለ 70ው ግን አላሳመንከኝም።

---

ፎቶ_አንሺው

የመጨረሻ ጥያቄ፤ LOT የሚለው ለምንድን ነው? ፎቶ ላይ ካልተነበበ ችግር አለው?

---

ፋርማሲስቱ

አለው። ችግር ተገኝቶ ምርት ሲሰበሰብ ስሙ ብቻ አይበቃም። በ2022 አሜሪካ ውስጥ አቦት የሲሚላክ፣ የአሊሜንተምና የኤሌኬር ዱቄቶችን ሲሰበስብ፣ ሁሉንም ጣሳ አልነበረም የፈለገው። ሰው ጣሳውን እየገለበጠ በኮዱ ውስጥ ያሉ ፊደሎችንና ቁጥሮችን ነበር የሚያመሳክረው። ባርኮዱ ይህን አይነግርም፤ ቀኑንም አይነግርም። ስለዚህ ጣሳውን ከመጣላችሁ በፊት የቂጡን ፎቶ ስልካችሁ ላይ አስቀሩ።

---

አክስት_ለማሙሽ

ተመልሰናል። ሐኪሟ አየችው፣ መዘነችው፣ ጣሳውን ከነማንኪያው ጠየቀችኝ። ሲስተር እንዳሉት ይዤው ሄጄ ነበር። ለጥቂት ሰዓት እዚያው አቆዩን። ሁለት ዳይፐር አርጥቧል፣ ደህና ነው ብለው ለቀቁን። ነገ ጠዋት ድጋሚ ያዩታል።

አሁን የሰጠሁት 120 ሚሊ፣ 2 ማንኪያ ነው። ሦስት ጊዜ ነው የቆጠርኩት። የድሮውን ጣሳ ከነማንኪያው ጣልኩት። የአዲሱ ክዳን ላይ በፕላስተር የተከፈተበትን ቀንና «60 ሚሊ፣ 1» ብዬ ጻፍኩ። ሌሊት እናቴ ነች የምትተካኝ፤ መነጽሯን ሳታደርግም እንድታየው በትልቁ ነው የጻፍኩት።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሠንጠረዡ ለአራት ወር 180 ሚሊ በአንድ ጊዜ ይላል። እሱ 120 ጠጥቶ ፊቱን ያዞራል። ላስገድደው?

---

ሲስተር_ከጨቅላ_ክፍል

አታስገድጂው። ያ ዓምድ አማካይ ነው፤ ልጅ ሁሉ አንድ ዓይነት አይጠጣም። ሲጠግብ ፊቱን ካዞረ ጠግቧል። በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጠጣና ስንት ዳይፐር እንደሚያርጥብ ወረቀት ላይ ያዢና ነገ ለሐኪሟ አሳዪያት። የተረፈውን ጡጦ ግን ለቀጣዩ አታቆዪው።